ቁጣው ወጥቶ ቁጥሩ ሲገባ

በሰው ሀብት ክፍል በሠራሁባቸው ዓመታት ለእርማት ወደ ጠረጴዛዬ ከሚመጡት ወረቀቶች ሁሉ የሚከብደኝ፣ አለቆች ስለ ጀማሪ ሠራተኞቻቸው በንዴት የጻፉት ነበር። ኃላፊው ረቂቁን ያቀብለኝና ሁልጊዜ አንድ ቃል ይለኛል፦ "አለስልሱልኝ።"

መጀመሪያ አካባቢ እንደታዘዝኩት አለሰልስ ነበር። ስድቡን አወጣለሁ፣ "ቢደረግ መልካም ነው" የሚል እጨምራለሁ፣ ከፊትም ከኋላም ምስጋና እደርባለሁ። ደብዳቤው ማንም የማይከፋበት፣ ነገር ግን ማንም ምንም የማይማርበት ወረቀት ሆኖ ይወጣል። የት ላይ እንደተሳሳትኩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ክፉ ቃልንና ቀጥተኛ ቃልን አንድ ነገር አድርጌ እቆጥራቸው ስለነበር፣ ክፉውን ላወጣ ስል ቀጥተኛውንም አብሬ አወጣው ነበር።

ነገሩን በአንድ ጉዳይ ላሳይ። ሰዎቹ እንዳይታወቁ ዝርዝሩን ለውጫለሁ። የሕንፃ መሣሪያ በሚሸጥ ድርጅት ውስጥ አንድ ወጣት ስቶር ኪፐር ሆኖ ከተቀጠረ ስድስት ሳምንቱ ነው። ሥራው ዕቃ ሲገባና ሲወጣ በየዕቃው ቢን ካርድ ላይ መመዝገብ፣ ቀሪውን ማስላት፣ አርብ አርብ ደግሞ የሳምንቱን ሪፖርት ማቅረብ ነው። የክፍሉ ኃላፊ የጻፈው ረቂቅ እንዲህ ይላል፦

"ሠራተኛው ሥራውን በግዴለሽነት ነው የሚሠራው። ስንት ጊዜ ቢነገረው አይሰማም። ቢን ካርድ የሚባል ነገር አይቶ የሚያውቅም አይመስልም። የት እንደተማረ እንጃ። አንዳንድ ሰው ወር ጠብቆ ደመወዝ ለመቀበል ብቻ ነው የሚመጣው። በዚህ ከቀጠለ ሌላ እርምጃ ይወሰዳል።"

ይህን ያነበበ ሰው "በጣም ቀጥተኛ ነው፣ ትንሽ ዞር ብሎ ቢነገረው" ማለቱ አይቀርም። እስኪ ዓረፍተ ነገሮቹን አንድ በአንድ እንያቸው። የትኛው ካርድ ነው ያልተመዘገበው? አይናገርም። ስንት ጊዜ ተነገረው? "ስንት ጊዜ" ነው የሚለው። "አንዳንድ ሰው" ማነው? "ሌላ እርምጃ"ስ ምንድን ነው፣ መቼስ ነው የሚወሰደው? ከስድስቱ ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ የሆነውን ነገር በቀጥታ የሚናገር አንድም የለም። ደብዳቤው ከላይ እስከ ታች አሽሙር ነው። አሽሙር ደግሞ በቋንቋችን ውስጥ ካሉት የተዘዋዋሪ አነጋገሮች ሁሉ ቆዳ የሚልጠው ነው። ሰሚው እንደተወጋ ያውቃል፤ በምን እንደተወጋ ግን ለይቶ መልስ እንዳይሰጥ ነገሩ ተሸፍኖበታል።

በአንጻሩ ይህን ያንብቡት፦ "የሳምንቱ ሪፖርት አርብ በ11 ሰዓት መድረስ ነበረበት፤ የደረሰው ሰኞ ነው።" ከዚህ የበለጠ ቀጥተኛ ዓረፍተ ነገር የለም። ስድብ ግን የለበትም። ስለዚህ አራሚው ለራሱ የሚያቀርበው ጥያቄ "ምን ያህል ላለስልሰው?" የሚል አይደለም። የትኛው ነገር ፊት ለፊት ይነገር፣ የትኛውስ በጥያቄ ወይም በዝምታ ይታለፍ የሚል ነው።

ቀጥታ ለመጻፍ ደግሞ መጀመሪያ የሆነውን ማወቅ ያስፈልጋል። ቁጣ መረጃ አይጠይቅም፤ ቀጥተኛ ዓረፍተ ነገር ግን ያለ መረጃ አይጻፍም። ኃላፊውን "ምን አይተው ነው?" ብዬ ስጠይቀው ቆጠራ እንደተደረገ ነገረኝ። ወረቀቱን አስመጣሁት። 40 ዓይነት ዕቃ ተቆጥሮ የ7ቱ ካርድ መደርደሪያው ላይ ካለው ጋር አልገጠመም። ለምሳሌ የኤሌክትሪክ ሽቦ ካርድ 120 ጥቅል አለ ይላል፤ መደርደሪያው ላይ የተገኘው 85 ነው። የሽያጭ ክፍሉ ካርዱን አምኖ ለአንድ ደንበኛ 100 ጥቅል ሸጦ፣ ደንበኛው መኪና ይዞ መጥቶ ባዶ እጁን ተመልሷል። የኃላፊው ንዴት የመጣው ከዚህ ነው፤ ደብዳቤው ውስጥ ግን ሽቦውም ደንበኛውም የሉም።

ከሰባቱ ልዩነቶች ለአምስቱ የወጪ ሰነዱ ተገኘ። ዕቃው በሥርዓት ወጥቷል፣ ተፈርሞበታል፤ ካርዱ ላይ ብቻ አልተጻፈም። የቀሩት ሁለቱ ግን የተፈጠሩት ልጁ ከመቀጠሩ በፊት ነበር። ከእሱ በፊት የነበረው ስቶር ኪፐር ሲለቅ ርክክብ አልተደረገም። ሪፖርቱን በተመለከተ ከስድስቱ ሳምንታት በመጨረሻዎቹ ሦስቱ ሰኞ ነው የደረሰው። በቃል የተነገረውም ሁለት ጊዜ ነው። "ግዴለሽ" የሚለው ቃል ሁለት የሌላ ሰው ጉድለት ጨምሮ ለልጁ ሊያሸክመው ነበር። ይህንን ያገኘነው ደግሞ ስለ ቃሉ ክፋት በመከራከር አይደለም። ቃሉን በቁጥር ለመተካት ስንሞክር ቁጥሩ ራሱ ነገረን።

አሁን ወደ ተለመደው ማለስለስ እንመለስ። በድሮው ልማዴ ቢሆን ኖሮ የምጽፈው ይህንን ነበር፦

"ሥራዎን በትጋት ለማከናወን የሚያደርጉትን ጥረት እናደንቃለን። ይሁን እንጂ በምዝገባ ረገድ አንዳንድ ክፍተቶች ስለታዩ ወደፊት ትኩረት ቢሰጥባቸው መልካም ነው። በርቱ።"

ይህ ደብዳቤ ጨዋ ይመስላል። ግን ሦስት ነገሮች አጥፍተውታል፤ ሦስቱም የአማርኛ ሰዋስው ለጨዋነት ያዘጋጃቸው መሣሪያዎች ናቸው። አንደኛው "ታዩ"፣ "ቢሰጥባቸው" የሚለው ባለቤት የሌለው ግስ ነው። ማን መዘገበ፣ ማን አልመዘገበ የሚለው ይጠፋል። አድራጊው በማይታወቅበት ጊዜ ይህ ግስ ትክክለኛና ፍትሐዊ ነው፤ "ሁለት ዕቃዎች ላይ ልዩነት ተገኝቷል" ብንል ማንንም ሳንከስ እውነቱን ተናግረናል። አድራጊው ሲታወቅና ሥራው የእሱ ሲሆን ግን ሠራተኛው ሌላ ሰው የሚያስተካክለው ነገር ይመስለዋል። ሁለተኛው "ቢ" ነው። "ቢሰጥ መልካም ነው" ማለት ባይሰጥም ነገሩ ያን ያህል አይደለም ማለት ነው፤ ትእዛዙ ወደ ምኞት ይለወጣል። ሦስተኛው "አንዳንድ" ነው፤ አንዱንም አምስቱንም ሃያውንም ሊሆን ይችላል። ልጁ ይህንን ወረቀት ተቀብሎ ለእናቱ "መሥሪያ ቤት አመሰገኑኝ" ቢላት አልዋሸም።

ጸሐፊው ግን ተቃራኒውን ያስባል። "ገብቶታል" ይላል። ማይክል ሼረርና የሥራ ባልደረቦቹ በ2018 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባሳተሙት ጥናት የመረመሩት ይህንኑ ነው። አለቆች ግምገማ ሲሰጡ ሠራተኛው መልእክቱን ከተረዳው በላይ የተረዳላቸው ይመስላቸዋል፤ ይህ ስሕተት የሚብሰውም መልእክቱ መጥፎ ዜና ሲሆን ነው። አለቃው በሆዱ ያለውን ስለሚያውቅ፣ ወረቀቱ ላይ ያልሰፈረውንም የጻፈው ይመስለዋል።

እኛ ዘንድ ይህ ይበልጥ የሚጸናበት ምክንያት አለ። ያደግነው ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ እየተባልን ነው። ሰምና ወርቁን ለይቶ መስማት የብልህነት መለኪያ ሆኖ ቆይቷል። አሜሪካዊው የኅብረተሰብ ተመራማሪ ዶናልድ ሌቪን በ1965 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ስለ አማራው ባህል ያሳተመውን መጽሐፍ "ሰምና ወርቅ" ብሎ የሰየመው ያለ ነገር አይደለም። ይህ አነጋገር በሽምግልና፣ በቅኔ፣ በሠርግ ቤት የሚያስገኘውን ሁሉ አክብሮ፣ ትርጉሙ አንድ ብቻ እንዲሆን ከሚፈልገው ዘመናዊ መሥሪያ ቤት ጋር እንደሚጋጭም ጽፏል። እኔ ልጨምርበት የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ሰምና ወርቅ የሚሠራው ሰሚው ወርቁን የመፈለግ አቅምም ግዴታም ሲኖረው ነው። አማርኛን ከትምህርት ቤት የተማረ፣ አፉን በኦሮምኛ ወይም በሲዳምኛ የፈታ ጀማሪ ሠራተኛ ሰሙን ብቻ ይዞ ቢሄድ ጥፋቱ የጸሐፊው ነው።

ታዲያ ሁሉም ነገር ፊት ለፊት ይነገር ማለት ነው? አይደለም። አብርሃም ክሉገርና አንጄሎ ዴኒሲ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1996 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በርካታ ጥናቶችን አንድ ላይ አሰባስበው ሲመዝኑ፣ ለሠራተኛ የሚሰጥ አስተያየት በአማካይ ሥራን ቢያሻሽልም ከሦስት አንዱ በላይ በሚሆነው ጊዜ ግን ሥራን እንዳበላሸ አገኙ። ያቀረቡት ማብራሪያ ለአራሚ ትልቅ ስንቅ ነው፦ አስተያየቱ የሰሚውን ሐሳብ ከሥራው ወደ ራሱ ማንነት በሳበው መጠን ጥቅሙ ይቀንሳል። "ካርዱ ላይ አልተጻፈም" የተባለ ሰው ካርዱን ያስባል። "ግዴለሽ ነህ" የተባለ ሰው ግን ስለ ራሱ ማሰብ ይጀምራል፤ እንዴት እንደሚመልስ፣ ማን እንደሚመሰክርለት፣ አለቃው ለምን እንደጠላው።

ስለዚህ ምርጫው ለደብዳቤው በሙሉ አንድ ጊዜ የሚደረግ አይደለም፤ በየዓረፍተ ነገሩ የሚደረግ ነው። የሆነውን፣ የሚጠበቀውን፣ ቀኑንና የሚያስከትለውን ውጤት በቀጥታ እጽፋለሁ። ለምን እንደሆነ የሚመለከተውን ግን፣ ማለትም የልጁን ትጋት፣ ችሎታና ሐሳብ፣ እንደማላውቅ ሆኜ እጠይቃለሁ፤ በእርግጥም አላውቅማ። በዚህ መንገድ የተጻፈው ደብዳቤ ይህ ነው፦

"በቆጠራው ወቅት ከ40 ዕቃዎች የ7ቱ ቢን ካርድ በመደርደሪያ ላይ ከተገኘው ጋር አልገጠመም። ከእነዚህ ውስጥ የ5ቱ የወጪ ሰነድ ተገኝቷል፤ እርስዎ ግን ካርዱ ላይ አልመዘገቡም። የቀሩት 2 ልዩነቶች ከመቀጠርዎ በፊት የተፈጠሩ ስለሆኑ እርስዎን አይመለከቱም። የሽቦው ካርድ ባለመመዝገቡ በመደርደሪያ ላይ 85 ጥቅል ብቻ እያለ 100 ጥቅል ተሸጧል። ሳምንታዊ ሪፖርቱን ላለፉት 3 ሳምንታት አርብ በ11 ሰዓት ማቅረብ ሲገባዎ ሰኞ አቅርበዋል።

ከነገ ጀምሮ ዕቃው ከስቶር በር ሳይወጣ ካርዱ ላይ ይመዘግባሉ። ሪፖርቱንም አርብ እስከ 11 ሰዓት ያቀርባሉ። ምዝገባው ወደ ኋላ የሚቀርበትን ምክንያት ከእርስዎ መስማት እፈልጋለሁ፤ የአሠራር ችግር ካለ አብረን እናስተካክላለን። ከሁለት ሳምንት በኋላ እነዚሁ 40 ዕቃዎች በድጋሚ ይቆጠራሉ። ልዩነቱ ከቀጠለ የሙከራ ጊዜዎ ሲያልቅ በሥራው ላይ ላንቀጥልዎ እንችላለን።"

ከመጀመሪያው ረቂቅ ይልቅ ይህኛው ለልጁ ከባድ ነው። ሥራውን ሊያጣ እንደሚችል ተጽፎበታል። ቢሆንም አንድም ቃል ማንነቱን አይነካም፤ ሁለቱን የቆዩ ልዩነቶች ከትከሻው ማውረዱ ደግሞ የቀረውን አምስቱን እንዲቀበል ያደርገዋል። ብዙ አለቆች እንዲህ ያለውን ዓረፍተ ነገር "ደብዳቤውን ያላላዋል" ብለው ሊያስወጡት ይፈልጋሉ። እኔ ግን ሌላው ሁሉ ቢወጣ እሱን አላስወጣም።

አማርኛ እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ስጦታ ይሰጠናል፦ "እርስዎ"ን። "አልመዘገብክም" የሚለው በጽሑፍ ጣት እንደመቀሰር ነው፤ "እርስዎ አልመዘገቡም" ግን ፍሬ ነገሩን ሳይቀንስ ክብርን ይይዛል። ቀጥተኛነቱ በግሱ ውስጥ ይቀመጣል፣ ጨዋነቱም እዚያው አብሮት ይቀመጣል። ሁለት ነገሮችን ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። አንደኛ "አልመዘገቡም" ብቻውን ሲቆም "እነሱ አልመዘገቡም" ሊባልም ይችላል፤ ስለዚህ "እርስዎ" የሚለው ቃል መውጣት የለበትም። ሁለተኛ፣ አለቃው ልጁን በየቀኑ "አንተ" እያለ ሲያወራው ከርሞ ሰኞ ጠዋት ያለ አንዳች ንግግር "እርስዎ" የሚል ወረቀት ቢያስይዘው፣ ክብሩ ራሱ በር እንደመዝጋት ይሰማል። ስለዚህ ንግግሩ በ"አንተ" ይቅደም፤ ሁለቱ ብቻቸውን፣ ካርዶቹ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግተው። ወረቀቱ የተነገረውን ያጽና እንጂ አዲስ ነገር አያምጣ።

ከአካሉ ውጪ ያሉት ሁለት መስመሮችም ይናገራሉ። "ጉዳዩ፦ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ስለመስጠት" የሚል ርእስ ከተጻፈ ከሥሩ የተጻፈው ሁሉ በዚያ ዓይን ይነበባል፤ "ጉዳዩ፦ የቢን ካርድ ምዝገባን ይመለከታል" ሲባል ሌላ ነው። ከታች "ግልባጭ፦" የሚለው ደግሞ ከሁሉም ይከብዳል። ለሰው ሀብትና ለሥራ አስኪያጁ የተገለበጠ የመጀመሪያ አስተያየት፣ ቃሉ የቱንም ያህል ቢለሰልስ፣ ልጁ የሚያነበው እንደ ክስ ነው። በዚህኛው ደብዳቤ ላይ ግልባጭ አልነበረም። ሁለተኛ ካስፈለገ ያኔ ርእሱም ግልባጩም ይለወጣሉ፤ ይህም በቅድሚያ ሊነገረው ይገባል።

ስለ ቀኑ በቀጥታ መናገር ለምን ግዴታ እንደሆነ ሕጉን ያየ ሰው ይረዳል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። በሳምንት ስድስት ቀን በሚሠራበት ድርጅት ይህ አሥር ሳምንት ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ለሥራው ብቁ ሆኖ ያልተገኘ ሠራተኛ ያለ ቅድመ ማስጠንቀቂያና ያለ ካሳ ሊሰናበት ይችላል። የእኛ ልጅ ስድስቱን ሳምንት ጨርሷል፤ የቀሩት 24 ቀናት ናቸው። "ትኩረት ቢሰጥ መልካም ነው" የሚል ደብዳቤ ተሰጥቶት ቢሆን ኖሮ እነዚህን ቀናት ደህና ነኝ ብሎ ያሳልፋቸውና በመጨረሻ ሳያስበው ይሰናበት ነበር። ሳይከፋው ይቅር ብለን የሸፈንነው ነገር የእሱን ጊዜ ነው የበላው።

ፊት ለፊት መጻፍ የማይገባባቸው ቦታዎችም አሉ። ለመዘግየቱ ምክንያት የቤተሰብ ሕመም ወይም ሐዘን እንደሆነ ከተሰማ ወረቀቱ ላይ አይጻፍም፤ ግልጽ ባልሆነ ቃልም አይነካካም፤ በንግግር "ከሥራ ውጪ የሚያስቸግርህ ነገር ካለ ልትነግረኝ ትችላለህ" ማለት ይበቃል፣ መናገርም አለመናገርም የእሱ ነው። ስብሰባ ላይ "ካርድ የማይሞሉ ሰዎች አሉ" ማለት ደግሞ ተዘዋዋሪ ይምሰል እንጂ ስም ከመጥራት አይሻልም፤ ስቶር ኪፐሩ አንድ ብቻ ነውና። ዕቃ ተሰርቋል የሚል ጥርጣሬ ካለ ነገሩ ከአስተያየት አልፏል፤ ራሱን የቻለ ማጣራት ያስፈልገዋል። "ዕቃው የት እንደገባ አንድዬ ይወቀው" የሚል ሐረግ በሥራ ግምገማ ውስጥ ማስገባት ግን ማስረጃ ሳይያዝ በሌብነት መክሰስ ነው። እንዲህ ያለ ሐረግ ባየሁ ቁጥር ሰርዤ ኃላፊውን አስጠርቻለሁ።

ደብዳቤው ይሥራ አይሥራ እንዴት ይታወቃል? "እሺ" በሚለው መልስ አይታወቅም። አማርኛ ውስጥ "እሺ" ሰምቻለሁም፣ አክብሬዎታለሁም፣ ይልቀቁኝም ማለት ይሆናል። የሚሻለው "ከነገ ጀምሮ ምን እንደምትሠራ እስኪ ንገረኝ" ብሎ መስማት ነው። "በደንብ እሠራለሁ" ካለ አልደረሰውም፤ "ዕቃው በሩን ሳያልፍ እጽፋለሁ" ካለ ደርሶታል። ቃሉ ከልክ በላይ ከብዶ ከሆነ ደግሞ ካርዶቹ ራሳቸው ይናገራሉ። የአሥር ቀን ምዝገባ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ዓይነት ግፊት፣ ያለ አንዳች ስርዝ ድልዝ ተጽፎ ካገኛችሁት ልጁ ቁጭ ብሎ በአንድ ጊዜ ሞልቶታል። የፈራ ሰው ካርድ ይሞላል፣ ዕቃ ግን አይቆጥርም።

የእኛ ልጅ ለጥያቄው የሰጠው መልስ አጭር ነበር። ጠዋት ከ2 እስከ 4 ሰዓት መኪኖች ይሰለፋሉ፣ ሹፌሮቹ ይጮኻሉ፣ እሱ ዕቃ ያስወጣና ካርዱን ማታ ከሰነዱ ላይ ለመጻፍ ያቆየዋል፤ ማታ ሰነዱ ሒሳብ ክፍል ሄዷል። በጠዋቱ ሁለት ሰዓታት አንድ የጭነት ሠራተኛ በር ላይ እንዲቆምለትና መኪኖቹ ተራ በተራ እንዲገቡ ተደረገ። የመጀመሪያው ረቂቅ ተልኮለት ቢሆን ይህንን መልስ የሚጽፍበት ቦታ አልነበረውም፤ "የት እንደተማረ እንጃ" ለሚል ሰው ስለ መኪና ሰልፍ ማን ያስረዳል?

እንዲህ ያለ ደብዳቤ ለመፈረም የተቀመጣችሁ ኃላፊዎች ካላችሁ፣ አደራ፣ ረቂቁን ለሚያለሰልስላችሁ ሰው ከመስጠታችሁ በፊት ስቶሩ ድረስ ውረዱና ካርዶቹን ከመደርደሪያው ጋር ራሳችሁ አስተያዩ።